አንድ ወንበር ሁለት ጊዜ ሲሸጥ፦ ሊኒየር ፕሮግራምን በአውቶቡስ ትኬት መማር

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚጓዝ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ተሳፍሬ ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ሰባት ሰዎች ወረዱ። ወንበራቸው ባዶ ቀረ። መናኸሪያው በር ላይ ደግሞ ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ ሻንጣቸውን ይዘው የቆሙ ሰዎች ነበሩ። ረዳቱን ለምን እንደማያሳፍራቸው ስጠይቀው «ትኬት አልቋል ተብለናል» አለኝ። ሰባቱ ወንበሮች እስከ ባሕር ዳር ድረስ ባዶ ሄዱ።

ነገሩ ስላልለቀቀኝ በሌላ ቀን ትኬት ቢሮው ውስጥ መዝገቡን ዐየሁት። በማስመሪያ የተሰመረ ደብተር ነው፤ ከ1 እስከ 45 ቁጥር የተሰጣቸው መስመሮች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ወንበር አንድ መስመር። ደብረ ማርቆስ የሚወርድ ሰው ስሙ ሲጻፍ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ይይዘዋል። ስለዚህ 45 ስም ሲሞላ ቢሮው «አልቋል» ይላል። ሰውየው መንገድ ላይ ወርዶ ወንበሩ እንደገና ሊሸጥ የሚችል መሆኑን ደብተሩ የሚያሳይበት ቦታ የለውም።

ይህ የደብተር ስህተት በሂሳብ ቋንቋ ሲነገር በትክክል ያልተጻፈ ገደብ ነው። ሊኒየር ፕሮግራም የሚባለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። መልስ መፈለጉን ኮምፒውተር ይሠራዋል፤ ገደቡን በትክክል መጻፍ ግን የሰው ሥራ ነው።

በዚህ ስም ውስጥ «ፕሮግራም» የሚለው ቃል የኮምፒውተር ፕሮግራም ማለት አይደለም። ጆርጅ ዳንትዚግ በ1947 ዘዴውን ሲያበጅ ለአሜሪካ አየር ኃይል ይሠራ ነበር፤ በወታደሮች ዘንድ ፕሮግራም ማለት የሥልጠናና የስንቅ ዕቅድ ነበር። ስለዚህ ሊኒየር ፕሮግራም ስንል በቀጥተኛ መስመር የሚገለጽ ዕቅድ ማለታችን ነው። ዕቅዱ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ የምንወስነው ምንድን ነው? የምንፈልገው ምንድን ነው? የሚያግደንስ ምንድን ነው?

1ኛ ደረጃ፦ ጉዳዩን በተራ አማርኛ ይጻፉ

ወደ ፊደልና ምልክት ከመሄድዎ በፊት ያለውን ሁሉ በወረቀት ላይ በዓረፍተ ነገር ያስፍሩ። የእኛ ጉዳይ ይህን ይመስላል። ቁጥሮቹ ለመማሪያ እንዲመቹ የመረጥኳቸው እንጂ የዛሬ ታሪፍ አይደሉም።

አንድ ባለ 45 ወንበር አውቶቡስ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ደብረ ማርቆስ ይገባል፤ ይህ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በፍኖተ ሰላምና በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል። ቢሮው ሦስት ዓይነት ትኬት ይቆርጣል። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 400 ብር፣ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር 350 ብር፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር 650 ብር ነው። ለአንድ ጉዞ እስከ ደብረ ማርቆስ ብቻ የሚሄዱ 20 ሰዎች፣ ከደብረ ማርቆስ የሚሳፈሩ 25 ሰዎች፣ መንገዱን በሙሉ የሚሄዱ 38 ሰዎች ይመጣሉ ብለን እናስብ። ከእያንዳንዱ ትኬት ስንት ብንሸጥ የጉዞው ገቢ ከፍተኛ ይሆናል?

እዚህ ላይ ቆም ብለው መልሱን በግምት ያስቀምጡ። አብዛኛው ሰው «ውዱን ትኬት አስቀድመህ ሽጥ» ይላል፤ 38ቱን የባሕር ዳር መንገደኞች ያሳፍርና የቀሩትን 7 ወንበሮች ለአጫጭሩ ጉዞ ይሰጣል። ግምቱ ምን ያህል እንደሚያስኬድ በኋላ እናያለን።

2ኛ ደረጃ፦ የውሳኔ ተለዋዋጮችን ይሰይሙ

የውሳኔ ተለዋዋጭ ማለት እርስዎ በእጅዎ ሊወስኑት የሚችሉት፣ ግን እስካሁን ያልታወቀ ቁጥር ነው። ዋጋው በታሪፍ የተወሰነ ስለሆነ ተለዋዋጭ አይደለም። የወንበሩ ብዛትም አይደለም። ስንት መንገደኛ እንደሚመጣም እርስዎ አይወስኑም። የሚወስኑት ከእያንዳንዱ ዓይነት ስንት ትኬት እንደሚሸጡ ብቻ ነው። ስለዚህ፦

x = ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ የምንሸጠው ትኬት ብዛት
y = ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር የምንሸጠው ትኬት ብዛት
z = ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር የምንሸጠው ትኬት ብዛት

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ «x = ደብረ ማርቆስ» ብለው ይጽፋሉ። ደብረ ማርቆስ ከተማ ናት፤ በ400 ልትባዛ አትችልም። ተለዋዋጩ ሁልጊዜ ቁጥር መሆኑንና መለኪያው ምን እንደሆነ፣ ማለትም ትኬት ይሁን ብር ወይም ኪሎ፣ አብረው ይጻፉ። ይህ ልማድ ወደፊት ብዙ ሰዓት ያድንልዎታል፤ ገደቦቹ ሲበዙ አንዱ ወገን በወንበር ሌላው በብር ተጽፎ ሳይታወቅ ያልፋልና።

3ኛ ደረጃ፦ ግቡን ይጻፉ

ግባችን ገቢውን ከፍ ማድረግ ነው። እያንዳንዱ የ x ትኬት 400 ብር፣ የ y 350 ብር፣ የ z 650 ብር ያስገባል። ድምሩ፦

400x + 350y + 650z

ይህ የግብ ፋንክሽን ይባላል። ሊኒየር ወይም ቀጥተኛ የሚያሰኘው አሥረኛው ትኬት ልክ እንደ መጀመሪያው 400 ብር ማስገባቱ ነው። ቁጥር በተለዋዋጭ ይባዛል፣ ከዚያ ይደመራል፤ ሌላ የለም። ተለዋዋጭ በተለዋዋጭ አይባዛም። ለምሳሌ «ዋጋውንም እኔ ልወስን» ካልን የማይታወቅ ዋጋ በማይታወቅ የትኬት ብዛት መባዛት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ ሊኒየር መሆኑ ያበቃል፤ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል።

ነዳጁንና የሾፌሩን አበል ለምን አልቀነስንም? አውቶቡሱ 20 ሰው ይዞም 45 ሰው ይዞም ስለሚሄድ ወጪው ከውሳኔያችን ጋር አይቀያየርም ብለን ነው። ከሁሉም አማራጭ ላይ እኩል 9,000 ብር ቢቀነስ የሚበልጠው አማራጭ ያው የሚበልጠው ነው።

4ኛ ደረጃ፦ ገደቦቹን ይጻፉ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ወደ ደብተሩ እንመለስ። ቢሮው ሳያውቀው የጻፈው ገደብ ይህ ነው፦

x + y + z ≤ 45

ሲያዩት ትክክል ይመስላል፤ 45 ወንበር አለ፣ ስለዚህ ከ45 ትኬት በላይ አይሸጥም። ነገር ግን የሚያልቀው ነገር ምንድን ነው ብለው ይጠይቁ። ወንበር በጥቅሉ አይደለም የሚያልቀው፤ በአንድ የመንገድ ክፍል ላይ ያለ ወንበር ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ 45 ወንበር አለን። ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ደግሞ ሌላ 45 ወንበር አለን። ዕቃው ያው ብረትና ስፖንጅ ቢሆንም ለሽያጭ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በደብተሩ ላይ ከመስመሮቹ ጎን ሁለት ዓምድ ያስምሩ። የመጀመሪያው ዓምድ «እስከ ማርቆስ»፣ ሁለተኛው «ከማርቆስ በኋላ» ይሁን። አሁን 45 መስመር በ2 ዓምድ፣ በጠቅላላው 90 ክፍት ሳጥን አለ። የ x መንገደኛ ከመጀመሪያው ዓምድ አንድ ሳጥን ይይዛል። የ y መንገደኛ ከሁለተኛው አንድ ይይዛል። የ z መንገደኛ ከሁለቱም አንድ አንድ ይይዛል። ገደብ መጻፍ ማለት እንግዲህ በእያንዳንዱ ዓምድ ሥር «ማን ማን እዚህ ይቀመጣል?» ብሎ መደመር ነው፦

x + z ≤ 45   (አዲስ አበባ – ደብረ ማርቆስ)
y + z ≤ 45   (ደብረ ማርቆስ – ባሕር ዳር)

z በሁለቱም መስመር ውስጥ መግባቱን ልብ ይበሉ። ጥያቄው ከባድ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ረጅሙ ትኬት በሁለት ቦታ ሌላውን መንገደኛ ያስቀራል።

ቀጥሎ የፈላጊው ብዛት ነው። 20 ሰው ብቻ የሚፈልገውን ትኬት 30 ጊዜ መሸጥ አይቻልም፦

x ≤ 20፣ y ≤ 25፣ z ≤ 38

በመጨረሻም ሦስቱም ከዜሮ በታች አይሆኑም። ይህን መጻፍ ለሰው ትርፍ ነገር ይመስላል፤ ኮምፒውተር ግን «ሲቀነስ ሦስት ትኬት» የሚባል ነገር በዓለም ላይ አለመኖሩን አያውቅም። ሙሉው ዕቅድ በአንድ ላይ ይህን ይመስላል፦

```
max  400x + 350y + 650z
     x      +  z <= 45
          y +  z <= 45
     0 <= x <= 20
     0 <= y <= 25
     0 <= z <= 38
```

5ኛ ደረጃ፦ በእጅ ይፍቱት

ኮምፒውተር ከመክፈትዎ በፊት አንዴ በእርሳስ ይሥሩት። ሦስት ተለዋዋጭ በግራፍ ወረቀት ላይ መሣል አይመችም፤ ግን እዚህ አንድ መላ አለ። z ን ከወሰኑ የተቀሩት ሁለቱ ራሳቸው ይወሰናሉ፤ የቀረውን ወንበር በተቻለ መጠን በ x እና በ y መሙላት ነው። ስለዚህ z ን ከዜሮ ጀምረን ቀስ በቀስ ከፍ እናድርገው።

| z | x | y | ገቢ በብር |
|---|---|---|---|
| 0 | 20 | 25 | 16,750 |
| 10 | 20 | 25 | 23,250 |
| 20 | 20 | 25 | 29,750 |
| 25 | 20 | 20 | 31,250 |
| 30 | 15 | 15 | 30,750 |
| 38 | 7 | 7 | 29,950 |

z ከዜሮ እስከ 20 ባለው ውስጥ እያንዳንዱ ተጨማሪ የባሕር ዳር መንገደኛ ባዶ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ማንንም አያስነሣም፤ ገቢው በ650 ብር ያድጋል። z 20 ሲደርስ ሁለተኛው የመንገድ ክፍል ይሞላል፤ 25 እና 20 ሲደመር 45 ነውና። ከዚህ በኋላ አንድ የ z መንገደኛ ለማሳፈር አንድ የ y መንገደኛ መተው ግድ ነው፤ 650 ገብቶ 350 ይወጣል፣ ጭማሪው 300 ብር ብቻ ይሆናል። z 25 ሲደርስ ደግሞ የመጀመሪያው ክፍልም ይሞላል። ከዚያ በኋላ ለአንድ z አንድ x እና አንድ y ይቀራሉ፤ 650 ገብቶ 750 ይወጣል። በእያንዳንዱ ትኬት 100 ብር መክሰር እንጀምራለን።

መልሱ እንግዲህ x = 20፣ y = 20፣ z = 25፣ ገቢው 31,250 ብር ነው። ውዱን ትኬት አስቀድሞ የሸጠው ግምት የሚያስገባው 29,950 ነበር፤ በአንድ ጉዞ 1,300 ብር ቀርቶበታል።

ገቢው አቅጣጫውን የቀየረው አንድ ገደብ በሞላበት ቦታ ላይ ብቻ መሆኑን አስተውለዋል? በሁለት መታጠፊያዎች መካከል ገቢው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከፍተኛው ቦታ መካከል ላይ ተደብቆ ሊገኝ አይችልም፤ መታጠፊያው ላይ ነው። ዳንትዚግ ያበጀው ሲምፕሌክስ የሚባለው ዘዴ በዚህ ላይ ያርፋል፤ ከአንዱ መታጠፊያ ወደ ተሻለው እየተሻገረ ይሄድና የሚሻል ጎረቤት ሲያጣ ይቆማል። በሠንጠረዡ ላይ ያደረግነውም በመሠረቱ ይኸው ነው።

6ኛ ደረጃ፦ በኮምፒውተር ያረጋግጡ

ኤክሴል ላለው ሰው ሥራው አጭር ነው። በ B2፣ C2 እና D2 ሴሎች ውስጥ ለ x፣ y እና z ዜሮ ይጻፉ። በሥራቸው በሦስተኛው ረድፍ ዋጋዎቹን፣ በአራተኛው ረድፍ 20፣ 25 እና 38 ያስገቡ። ከዚያ እነዚህን ሦስት ቀመሮች ይጻፉ፦

```
B6:  =SUMPRODUCT(B2:D2,B3:D3)
B7:  =B2+D2
B8:  =C2+D2
```

ከ Data ሥር Solver ን ይክፈቱ። እዚያ ከሌለ በ File > Options > Add-ins በኩል መጨመር ይኖርብዎታል። Set Objective ላይ B6 ይስጡ፣ Max ይምረጡ፤ By Changing Variable Cells ላይ B2:D2 ይስጡ። ገደቦቹ B7:B8 <= 45 እና B2:D2 <= B4:D4 ናቸው። Make Unconstrained Variables Non-Negative የሚለው ምልክት እንዲኖረው ያድርጉ፤ ከዜሮ በታች እንዳይወርድ የሚያደርገው እርሱ ነው። የመፍቻ ዘዴው Simplex LP ይሁን። Solve ሲጫኑ B6 ላይ 31250 መታየት አለበት።

ፓይተን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይህን ያስኪድ፦

```python
from scipy.optimize import linprog

r = linprog([-400, -350, -650],
            A_ub=[[1, 0, 1], [0, 1, 1]],
            b_ub=[45, 45],
            bounds=[(0, 20), (0, 25), (0, 38)])
print(r.x, -r.fun)
print(r.ineqlin.marginals)
```

linprog የሚያውቀው ዝቅተኛውን መፈለግ ብቻ ስለሆነ ዋጋዎቹን በአሉታዊ ምልክት ሰጥተን መልሱን መልሰን እንገለብጣለን። ምልክቱን ከረሱ ሦስቱም ተለዋዋጮች ዜሮ ሆነው ይመጣሉ፤ ገቢን ዝቅ ለማድረግ ምንም አለመሸጥ ይበቃልና። እንዲህ ያለ መልስ ሲያዩ መጀመሪያ ምልክቱን ይመልከቱ። በመጨረሻው መስመር ላይ የሚወጡት -300 እና -350 ምን እንደሆኑ ቀጥለን እናያለን፤ ምልክቱ አሉታዊ የሆነው በዚሁ መገልበጥ ምክንያት ነው።

7ኛ ደረጃ፦ የወንበሩን ውስጣዊ ዋጋ ያንብቡ

አንድ ጥያቄ እናንሣ። በመጀመሪያው የመንገድ ክፍል ላይ አንድ ተጨማሪ ወንበር ቢገኝ ስንት ብር ያስገኛል? 46 አድርገን እንደገና ብንፈታው z = 26፣ y = 19 ይሆናል፤ ገቢው 31,550 ይደርሳል። ጭማሪው 300 ብር ነው። በሁለተኛው ክፍል ላይ ቢጨመር ደግሞ y = 21 ሆኖ ጭማሪው 350 ብር ይሆናል። ኮምፒውተሩ የሰጠን 300 እና 350 እነዚህ ናቸው። በኤክሴል Sensitivity በሚባለው ሪፖርት ውስጥ Shadow Price በሚለው ዓምድ ሥር ያገኟቸዋል። እኔ የወንበር ውስጣዊ ዋጋ እላቸዋለሁ፤ በታሪፍ ላይ አይጻፉም፣ ግን ትኬት ቆራጩ በየቀኑ ሊያስብባቸው የሚገቡ ናቸው።

እንዴት እንደሚጠቅሙ በሁለት ሰዎች እንይ። አንድ ተማሪ መጥቶ «እስከ ደብረ ማርቆስ በ320 ብር ትሸጡልኛላችሁ?» ቢል፣ የሚይዘው ወንበር ውስጣዊ ዋጋ 300 ስለሆነ እሺ ማለት ያዋጣል፤ 20 ብር ይተርፋል። ሌላ ሰው «እስከ ባሕር ዳር በ620 አድርጉልኝ» ቢል ግን እርሱ ሁለቱንም ክፍል ይይዛል፤ 300 እና 350 ተደምሮ 650 ነው፤ በ620 መሸጥ 30 ብር ያከስራል። 620 ከ320 እጥፍ ገደማ ቢሆንም አክሳሪው ትልቁ ነው። ይህን በዓይን ግምት ማየት አይቻልም።

ስለ ፈላጊውም ይነግረናል። የባሕር ዳር መንገደኛ ከ38 ወደ 39 ቢያድግ ገቢው ምንም አይጨምርም፤ አሁንም 13ቱን እየመለስን ነው። እስከ ደብረ ማርቆስ ብቻ የሚሄድ አንድ ተጨማሪ መንገደኛ ግን 100 ብር ይጨምራል። ቢሮው ማስታወቂያ ለመለጠፍ ካሰበ የት ላይ መለጠፍ እንዳለበት ከዚህ ይታወቃል።

እነዚህ ዋጋዎች ዳርቻ አላቸው። በሁለተኛው ክፍል ላይ 350 ብር የሚያወጣው የመጀመሪያዎቹ አምስት ተጨማሪ ወንበሮች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ 25ቱ የ y መንገደኞች ያልቃሉ፤ የሚቀጥለው ወንበር የሚያስገኘው አንድ x ትቶ አንድ z በማሳፈር የሚገኘውን 250 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ «አንድ ወንበር 350 ነው፣ ሃያ ወንበር 7,000 ነው» ብሎ ማባዛት ያሳስታል። ትልቅ ለውጥ ካለ ቁጥሩን ቀይሮ እንደገና መፍታት ነው።

መልሱ ሲያጠራጥር

የቢሮውን ገደብ x + y + z ≤ 45 አስገብተው ቢፈቱት መልሱ z = 38፣ x = 7፣ y = 0፣ ገቢው 27,500 ይሆናል። ከትክክለኛው በ3,750 ብር ያንሳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሰባት ሰዎች ደብረ ማርቆስ ይወርዳሉ፣ ማንም አይሳፈርም፣ ሰባት ወንበር ባዶውን ይሄዳል። በአውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ ያየሁት ይኸው ነው። ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም፤ የተጻፈለትን ገደብ በታማኝነት ጠብቋል። ስለዚህ መልስ ሲመጣ ቁጥሩን ከማመንዎ በፊት ጉዞውን በሐሳብዎ ከመነሻ እስከ መድረሻ ይከተሉት፤ በየፌርማታው ማን እንደወረደና ማን እንደወጣ ይቁጠሩ።

የፈላጊውን ገደብ ቢረሱ ደግሞ x = 45፣ y = 45፣ z = 0 ይመጣል። ሁለት አጫጭር ትኬቶች 750 ብር ስለሚያስገቡ ኮምፒውተሩ ባሕር ዳር የሚሄደውን ሁሉ ይተዋል፤ በእውኑ ዓለም የሌሉ 25 የደብረ ማርቆስ መንገደኞችንም ይቆጥራል። ገቢው 33,750 ሆኖ ከትክክለኛው ስለሚበልጥ ደግሞ ያስደስታል። ከጠበቁት በላይ ያማረ መልስ ብዙ ጊዜ የጎደለ ገደብ ምልክት ነው።

ሌላው የሚያደናግር ነገር ግማሽ ትኬት ነው። እስካሁን ሙሉ ቁጥር ያገኘነው እያንዳንዱ መንገደኛ በተከታታይ የመንገድ ክፍሎች ላይ አንድ አንድ ወንበር ብቻ ስለሚይዝ ነው፤ እንዲህ ባለ ጉዳይ ወንበሩና ፈላጊው ሙሉ ቁጥር እስከሆኑ ድረስ መታጠፊያዎቹ ሁሉ ሙሉ ቁጥር ናቸው። የሻንጣ ገደብ ሲጨመር ግን ይህ ይፈርሳል። እስከ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው 10 ኪሎ፣ እስከ ባሕር ዳር የሚሄደው 20 ኪሎ ይዞ ከአዲስ አበባ ይሳፈራል፤ ከአዲስ አበባ ሲነሡ ጣሪያው ከ690 ኪሎ በላይ አይችልም እንበል። ገደቡ 10x + 20z ≤ 690 ነው። ብንፈታው z = 24.5፣ y = 20.5 ይወጣል። ወደ 25 ከፍ ብናደርገው ጭነቱ 700 ኪሎ ሆኖ ገደቡ ይጣሳል። ወደ 24 ዝቅ አድርገን y ን 21 ብናደርግ ይስማማል፤ ገቢው 30,950 ነው። ትንሽ ጉዳይ ስለሆነ በእጅ አረጋገጥን፤ ተለዋዋጮቹ ሲበዙ ግን ማጠጋጋት ከገደብ ሊያስወጣ ወይም የተሻለውን መልስ ሊያሳልፍ ይችላል። ያን ጊዜ ኤክሴል ላይ B2:D2 ን int ብሎ መገደብ፣ በፓይተን ደግሞ integrality=[1, 1, 1] መጨመር ያስፈልጋል።

አንዳንዴ ደግሞ መልስ ፈጽሞ አይገኝም። አንድ ድርጅት 20 የደብረ ማርቆስ ወንበር አስቀድሞ ያዘ፣ ሌላው 30 የባሕር ዳር ወንበር ያዘ እንበል። x ≥ 20 እና z ≥ 30 ሲደመሩ 50 ነው፤ ወንበሩ 45 ነው። ኮምፒውተሩ መፍትሔ የለም ይላል። በዚህ ጊዜ ገደቦቹን አንድ በአንድ እያወጡ መልሰው ይፍቱ፤ ሲወጣ መልስ እንዲገኝ የሚያደርገው ገደብ ከተጋጩት አንዱ ነው።

ለትኬት ቆራጩ እንዴት ይሰጣል?

20፣ 20፣ 25 የሚለውን መልስ ቢሮው ውስጥ ላለው ሰው በሂሳብ ምልክት መስጠት አይጠቅመውም። ደብተሩን ማስተካከል ይበልጣል። ሁለቱ ዓምዶች ከተሰመሩ በኋላ ከ1 እስከ 25 ባሉት መስመሮች ላይ ሁለቱ ሳጥኖች በአንድ ቅንፍ ይያያዙ፤ እነዚህ ለባሕር ዳር መንገደኞች ናቸው። ከ26 እስከ 45 ያሉት 20 መስመሮች ለሁለት ስም ክፍት ይሁኑ፤ አንዱ ደብረ ማርቆስ የሚወርደው፣ ሌላው በእርሱ ቦታ የሚቀመጠው። የደብረ ማርቆሱ ቢሮ በየማለዳው ስልክ ተደውሎለት ሃያ ወንበር እንዳለው ይነገረዋል።

38፣ 20 እና 25 ያልናቸው የፈላጊ ቁጥሮች ግምት ናቸው፤ ለበዓል ሰሞንና ለተራ ማክሰኞ አንድ ዓይነት አይሆኑም። ስለዚህ ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት የተሸጠውን ከወንበሩ ላይ ቀንሰው፣ የቀረውን ፈላጊ እንደገና ገምተው ያንኑ ዕቅድ በአዲስ ቁጥር ይፍቱት። ለምሳሌ 15 የባሕር ዳር ትኬት ከተሸጠ ሁለቱም 45ዎች 30 ይሆናሉ፤ የ z ጣሪያም እስካሁን ካልመጡት ሰዎች ግምት ይነሣል። ቅንፉ የተደረገው በእርሳስ ከሆነ 25 የነበረው 22 ወይም 28 ሲሆን መስመሩን ለማንቀሳቀስ ላጲስ ይበቃል።